አርባ አንድ እግዚኦ በፓርኪንግ ሎት

ልጅ ሳለሁ ዝናብ የሚመጣው ሕፃናት ሲያለቅሱ ይመስለኝ ነበር። ይህን ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ ያስገቡት የእናቴ አጎት አባባ ይመር ናቸው፤ እሳቸውም ቢሆኑ ላስተምራት ብለው አይደለም፣ ተረት ሲነግሩኝ ነው። በዚያ ተረት ምክንያት ዘጠኝ ዓመቴ ላይ በወንድሜ ላይ ያደረግኩትን ነገር ለእናቴ እስከዛሬ አልነገርኳትም። ይኸው ለእናንተ ልነግራችሁ ነው፤ እሷ አማርኛ መጽሐፍ ማንበብ ካቆመች ቆይታለች፣ መነጽሬ ጠፋ ትላለች።

ያኔ የምንኖረው ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ ከተማ፣ ቴሜስካል የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ስምንት በሮች አንድ ፓርኪንግ ሎት ዙሪያ የተሰለፉበት አሮጌ አፓርትመንት ውስጥ ነበር። አባቴ ሳን ሆዜ የኮምፒውተር ዕቃ የሚሠራ ፋብሪካ ውስጥ የዊኬንድ ሺፍት ይሠራ ስለነበር ቅዳሜና እሑድ አይታይም። እናቴ ደግሞ ከተራራው ላይ፣ ሀብታሞቹ ሰፈር፣ ሚስስ ሄለን የሚባሉ በዊልቸር የሚሄዱ አሮጊት ትንከባከብ ነበር። እኔንና የሰባት ወር ወንድሜን ናቲን የሚጠብቁን አባባ ይመር ናቸው። በሱዳን በኩል ስደተኛ ሆነው፣ አንድ ትንሽ ሻንጣና አንድ ጋቢ ይዘው መጥተው፣ የሳሎናችን ሶፋ ላይ ሰፍረው ነበር። ወሎዬ ናቸው፤ ሲቆጡ እንኳ የሚያባብሉ የሚመስል አነጋገር ነበራቸው።

አመሻሽ ላይ የጣራውን መብራት ያጠፉታል። «ይኼ መብራት ነው ወይስ ምርመራ? ዓይን ይወጋል እኮ!» ይላሉ። ከዚያ ግድግዳው ላይ ካለው የጋዝ ማሞቂያ ፊት እንቀመጣለን። በብረት መከለያው ውስጥ ሰማያዊና ቀይ ነበልባል ይታያል፤ እሳቸው ፍሙ ነው የሚሉት፣ እጃቸውን ዘርግተው ያሞቁታል፣ ፊታቸው ከታች በኩል ይበራል፣ እኔ ናቲን ታቅፌ ጋቢያቸው ጫፍ ላይ እቀመጣለሁ፣ ናቲ ጡጦውን እየጠባ ያንኮራፋል። ስለ ጅብ ይነግሩኝ ነበር፣ ስለ ብልጧ ጦጣ ይነግሩኝ ነበር፤ እኔ ግን ሁልጊዜ የምጠይቀው አንዱን ብቻ ነው፣ የምህላውን።

«አንድ አገር ነበረ» ብለው ይጀምራሉ፤ የማን አገር እንደሆነ አይናገሩም። ሰማዩ እምቢ ብሎ፣ ምንጩ ነጥፎ፣ ሰው ሁሉ ጨነቀው። ካህናቱ ምህላ አወጁ፤ ሦስት ቀን ጾም፣ ሦስት ቀን ጸሎት። ግን ከጸሎቱ በፊት የሚቀድም ነገር አለ። ሽማግሌ መሐል ቆሞ «የተጣላችሁ ታረቁ!» ይላል። በድንበር የተጣላ፣ በውሃ የተጣላ፣ በነገር የተጣላ ይወጣል፤ በዳዩ ድንጋይ ተሸክሞ ጎንበስ ይላል፣ ተበዳዩ ድንጋዩን ያወርድለታል። ቂም ይዞ የመጣ ሰው ከመሐላቸው ካለ ጸሎቱ ከጣራ አይዘልም። ከዚያ ሁሉም ጫማውን ያወልቃል፤ ባለጸጋውም ድሃውም እኩል መሬት ላይ ይሆናል፣ ወንዱ በአንድ ወገን ሴቱ በሌላ ወገን። ቄሱ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ይላሉ፣ አቤቱ ክርስቶስ ሆይ ማረን ማለት ነው፣ ሕዝቡም እየሰገደ ይቀበላል፣ አርባ አንድ ጊዜ።

አርባ አንዱን በጣት አንጓ መቁጠር ያስተማሩኝ ያኔ ነው። አውራ ጣት ይቆጥራል፣ አራቱ ጣቶች ይቆጠራሉ። እያንዳንዱ ጣት ሦስት ሦስት አንጓ አለው፣ አንድ እጅ አሥራ ሁለት ይሆናል፤ ሦስት ጊዜ ትዞሪና አምስት ትጨምሪያለሽ። እኔ ትምህርት ቤት የማባዛት ጠረጴዛ ሲያስቸግረኝ በእሳቸው አንጓ ነበር የምወጣው፤ አስተማሪዬ በአውራ ጣቴ ጣቴን ስዳብስ ታይና የሚያሳክከኝ ይመስላት ነበር።

እስላሞቹ ጎረቤቶችም ያን ቀን ቤት አይቀሩም። ከሼሁ ጋር ሜዳ ይወጣሉ፣ ጋቢያቸውን ገልብጠው ይለብሳሉ፣ እጃቸውን ሲዘረጉ የእጃቸውን ጀርባ ወደ ሰማይ ያደርጋሉ። «ለምን ይገለብጡታል?» ስላቸው «ጌታ ሆይ፣ እኛ ልብሳችንን ገለበጥን፣ አንተ ደግሞ ይህን ቀን ገልብጥልን ማለታቸው ነው» አሉኝ። ከወዲህ እግዚኦ፣ ከወዲያ ዱዓ።

የምወደው፣ የምፈራውም ክፍል ከዚህ በኋላ ነው። ሁለት ቀን ጸልየው ሰማዩ ዝም አለ። በሦስተኛው ቀን ጥጃውን ከላሟ ለዩት፣ ግልገሉን ከእናቱ ለዩት፣ ሕፃኑንም ከጡት ከለከሉት። እናቶች በአንድ ወገን፣ ሕፃናት በሌላ ወገን። ጥጃው እምቧ፣ ግልገሉ ሜኤ፣ ሕፃኑ እሪ! አባባ ይመር ሁሉንም በድምፅ ያሰሙኛል፣ ናቲ ከእንቅልፉ ይነቃል። «እኛ አጥፍተናል፣ አፋችን ቆሽሿል» ይላሉ፤ «እነሱ ምን አጠፉ? ስለዚህ የእነሱ ጩኸት ከእኛ ይቀድማል።» ከዚያ እጃቸውን ከማሞቂያው ላይ አንስተው ጣታቸውን አየር ላይ ያንጠባጥቡታል። ጠብ... ጠብ... ጠብ። ዝናብ! እኔም «አጌን! አጌን!» እላለሁ።

ካሊፎርኒያም ያኔ ደርቃ ነበር። ከውሃ ቢሮ ደብዳቤ ይመጣል፣ ሣሩ ሁሉ ገለባ ሆኗል፣ እናቴ ሻወር ውስጥ ባልዲ አስቀምጣ የሞላውን ለአበባ ታጠጣለች። የእናቴ የጴንጤ ኅብረት ረቡዕ ረቡዕ ስለ ዝናብ ጾም ጸሎት ይዞ ነበር፤ እዚያ ሁሉም እጁን አንስቶ በአንድ ጊዜ ጮክ ብሎ ይጸልያል እንጂ የሚቆጥር የለም። አባባ ይመር ጆሯቸውን እየያዙ «እግዜር እንዲህ ሁሉ አንድ ላይ ሲያወራበት የማንን ይስማ?» ይሏታል። እሷም «አንቱ ደግሞ አርባ አንድ ጊዜ ሲነግሩት አንዴ ብሎ የማይሰማ ይመስልዎታል?» ትላቸዋለች። ይሳሳቃሉ። ድርቁንም መጀመሪያ ሲሰሙ ስቀው ነበር፤ «ሱቁ ሀብሐብ ሞልቶ ምን ድርቅ ነው ይኼ!» ብለው። ግን ቧንቧ የሚያንጠባጥብ ድምፅ ሲሰሙ ከእንቅልፋቸው ተነስተው ያጠብቁታል።

ከጎረቤታችን ከእትዬ ሰናይት ጋር የተጣሉትም በውሃ ነው። እትዬ ሰናይት አዲስ አበባ ያደገች ኤርትራዊት፣ ምግብ ቤት የምትሠራ፣ አንደበቷ የተሳለ ሴት ነች። አንድ ቀን ፓርኪንግ ሎቱ ውስጥ ሆዙን፣ የውሃ ጎማውን፣ ከፍታ መኪናዋን ስታጥብ አባባ ወርደው ምንም ሳይሉ ቧንቧውን ዘጉት። «ምን አገባዎት?» አለች። «ውሃ እኮ ነው!» አሉ። «የውሃውን ቢል የምከፍል እኔ!» አለች። ከዚያ ወዲያ ሁለት ወር ሙሉ ደረጃው ላይ ሲገናኙ አንዱ ግድግዳ ያያል፣ አንዱ ጫማውን ያያል።

ያ እሑድ ጥቅምት ላይ ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ከተራራው የሚወርድ ትኩስ ነፋስ በሩን ሲያንኳኳ ቆየ። እናቴ በማለዳ ወደ ሚስስ ሄለን ቤት ወጥታለች። እኩለ ቀን ሊሆን ሲል ብርሃኑ ብርቱካንማ ሆነ፤ መስኮቱን ስከፍት ጭሱ ጉሮሮዬን ያዘኝ። ተራራው ላይ፣ እናቴ ባለችበት በኩል፣ ጥቁር ጭስ ሰማዩን ይዞታል፣ ፀሐይዋ ቀልታ ትንሽ ሆናለች። አመድ ይዘንብ ነበር። ደረጃችን ላይ ጠርዙ የተቃጠለ የመጽሐፍ ገጽ ወደቀ፤ ፊደሉ ይነበባል፣ ሳነሳው እጄ ላይ ፈረሰ። ያኔ ነው የሰው ቤት እየተቃጠለ እንደሆነ የገባኝ።

ስልኩን አባባ አያውቁትም፣ እኔ ነበርኩ የምደውለው። ሚስስ ሄለን ቤት ኮል አደረግኩ፣ አይጠራም። አባቴ ፋብሪካ ኮል አደረግኩ፣ መስመሩ ተጨናንቋል የሚል የሴት ድምፅ ይመጣል። እንደገና፣ እንደገና። «እናትሽ አነሳች?» ይሉኛል፣ «ኖ» እላለሁ። «አሁንስ?» «ኖ፣ አባባ።» ቆመው ተቀመጡ፣ ተቀምጠው ቆሙ። በኋላ ጋቢያቸውን ለብሰው ልሂድ ብለው ወደ ተራራው አቅጣጫ መንገድ ጀምረው ነበር፤ ከጥግ ላይ ፖሊስ መለሳቸው። ሲመለሱ እንደዚያ አርጅተው አይቻቸው አላውቅም።

ጎረቤቱ ሁሉ ፓርኪንግ ሎቱ ውስጥ ወጥቶ ሽቅብ ያያል። የታክሲ ሾፌሩ ጋሽ አሊ፣ የደሴ ልጅ፣ መኪናውን አስነስቶ «መንገዱን ዘግተውታል፣ ሦስት ጊዜ ሞከርኩ» እያለ ይምላል። ሁሉም እናቴ የት እንዳለች ያውቃል፤ ሁሉም እኔን ያይና ዓይኑን ያሸሻል። ማንም የሚያደርገው ነገር አልነበረም። ይህን ዛሬም አስበዋለሁ፤ ያ ሁሉ ትልቅ ሰው፣ ያ ሁሉ መኪና፣ ማንም ምንም ማድረግ አይችልም።

አባባ ይመር መሐል ገብተው ጫማቸውን አወለቁ። «ቄስ የለንም፣ ቤተ ክርስቲያንም ሩቅ ነው፤ እግዜር ግን ያየናል። ምህላ እናድርስ» አሉ። ከዚያ እንደ ተረቱ ዙሪያውን አዩና «የተጣላችሁ ታረቁ» አሉ። ማንም አልተነቃነቀም። የተጣሉት ራሳቸው መሆናቸው ገባቸው መሰለኝ። ሄደው ከአበባው ማስቀመጫ ሥር አንድ ጡብ አነሱ፣ ማጅራታቸው ላይ አደረጉና እትዬ ሰናይት ፊት ጎንበስ አሉ። «ልጄ፣ በድዬሻለሁ፣ ይቅር በይኝ።» እትዬ ሰናይት፣ ያቺ አንደበተ ስለት፣ ጡቡን በሁለት እጇ አነሳችላቸው። «ይቅር ለእግዚአብሔር! እኔን ይቅር ይበሉኝ እንጂ፣ ምን ሆነው ነው እንዲህ!» ብላ እያለቀሰች ጉልበታቸውን ልትስም ወረደች። አነሷት።

እኔ ይህን ያየሁት ደረጃው ላይ ናቲን ታቅፌ ነው። እና በዘጠኝ ዓመት ጭንቅላቴ አሰብኩ፤ እርቁ ተደረገ፣ ጫማው ወለቀ፣ አሁን እግዚኦ ይባላል። የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው። ትልልቆቹ ረስተውታል። ጥጃ የለንም፣ ግልገል የለንም። ናቲ አለ።

ጡጦው ደርሶ ነበር፤ አባባ አሙቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠውታል። ወስጄ ላውንድሪ ሩም፣ የልብስ ማጠቢያው ክፍል፣ ገባሁና ማሽኑ ውስጥ ከተትኩት፣ ክዳኑንም ዘጋሁት። ከዚያ ናቲን ራቅ አድርጌ በእጅ የሚያዘው የመኪና ወንበሩ ላይ አሰርኩትና ደረጃው ሥር አስቀመጥኩት፤ ሕፃናት በሌላ ወገን ነዋ። «ሶሲ፣ የልጁ ጡጦ የት አለ?» ብለው አባባ ሲጠይቁኝ ዓይናቸውን እያየሁ «አይ ዶንት ኖው» አልኳቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር የዋሸኋቸው። «ፈልጊ፣ ቶሎ በይ» ብለውኝ ሕዝቡ ስለሚጠብቃቸው ወደ መሐል ተመለሱ። ያን ሰዓት የራሳቸው ልብ ተራራው ላይ ነበር።

እግዚኦታው ተጀመረ። እሳቸው ይላሉ፣ ሌላው ይቀበላል፣ አስፋልቱ ላይ ይሰግዳል፤ አስፋልቱ ላይ አመድ ስለነበር የሁሉም ግንባር ቀስ በቀስ ጠቆረ። ጋሽ አሊ ከመኪናው አጠገብ ጃኬቱን አውልቆ ገልብጦ ለበሰ፣ ገበሩ በውጭ ሆነ፣ የእጁን ጀርባ ወደ ሰማይ አድርጎ በዐረብኛ ይለምናል። ናቲ አለቀሰ። መጀመሪያ እንደ ልማዱ፣ ከዚያ በቁጣ፣ ከዚያ መላ ሰውነቱ ቀልቶ እሪ አለ። ሰው ጭሱ ነው ያስለቀሰው አለ። እኔም አብሬው እያለቀስኩ፣ ጣቴን እየዳበስኩ እቆጥራለሁ፤ ልሄድና ላነሳው እየፈለግኩ፣ ከሄድኩ እናቴ ትሞታለች እያልኩ። አንዱን አርባ አንድ ጨርሰው ሌላ ጀመሩ። ነፋሱ እንደሆነ አልቆመም። ሦስተኛውን ጀመሩ። የሰዓቱን ርዝመት አላውቀውም፤ ለሕፃን ረጅም ነበር።

ከዚያ ናቲ ዝም አለ።

ድምፁ ሰልሎ፣ አንገቱ ወደ ጎን ዘንበል ብሎ፣ ዓይኑ ግማሽ ተከፍቶ ዝም አለ። እኔ ተኛ ብዬ ነበር። አባባ ይመር ግን ግንባራቸው መሬት ላይ እንዳለ ዝምታውን ሰሙት። የጀመሩት እግዚኦ አፋቸው ላይ ቀረ። ተነሱ፣ ሮጡ፤ እንዲያ ሲሮጡ አይቼ አላውቅም። ናቲን ከወንበሩ ነጥቀው ጉንጩን መታ መታ እያደረጉ «ጥሩዬ! ጥሩዬ! እኔ ልሙት፣ ጥሩዬ!» ይላሉ። ጥሩዬ የሚባል ሰው አላውቅም። ላውንድሪ ሩም ሮጬ ጡጦውን አመጣሁ።

ጡጦውን አዩ፣ እኔን አዩ። ደረጃው ላይ ተቀምጠው አፉ ላይ አደረጉለት፤ ወተቱ አገጩ ላይ ፈሰሰ፣ ከዚያ ናቲ ያዘው፣ መጥባት ጀመረ፣ ጉሮሮው ሲውጥ ይሰማል። ከኋላችን እትዬ ሰናይት ካቆሙበት አንስታ ታስቀጥል ነበር፤ «እግዚኦ» ትላለች፣ ሰው ይቀበላል።

«በተረቱ...» አልኩ።

«ገብቶኛል» አሉ። ናቲን እያዩ እንጂ እኔን እያዩ አልነበረም የሚናገሩት። «ያ አገር የእኔ አገር ነው፣ ሶሲዬ። በሰባ ሰባት ነው። ጥሩዬ ልጄ ነበረች፣ ናቲን ታህላለች። እኛም ከእናቷ ለየናት፣ እንደ ሁሉም ሰው፣ ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ ሦስት ቀን። አለቀሰች። በሦስተኛው ቀን ስንመልሳት የእናቷ ጡት ደርቆ ነበር፤ በምህላው አይደለም፣ በረሃቡ ነው። ከዚያ እንዲህ ዝም አለች።»

«ዝናቡስ?»

«አልመጣም።»

«ባት አባባ፣ ጠብ ጠብ...»

«እሱን ለአንቺ ብዬ ነው የጨመርኩት። እንቅልፍ እንዳይነሳሽ።» ዓይናቸውን በጋቢው ጠረጉ፣ ጋቢው አመድ ስለነበረበት ፊታቸው ተበላሸ።

እኔ ያኔ ተቆጣሁ። እናቴ እዚያ እሳት ውስጥ ሆና፣ ይህ ሁሉ ሰው መሬት ላይ እየተደፋ፣ እሳቸው አይሠራም ይሉኛል! «ታዲያ ለምን ታደርጉታላችሁ?» ብዬ ጮህኩባቸው፣ በአማርኛ፣ ሳልሳሳት። «ምን እናድርግ?» አሉ። «እጃችን ባዶ ነበር እኮ። ሕፃኑን የለየነው እግዜርን ልናስገድደው አይደለም። ይኸው፣ እኛ ብቻ አይደለንም፣ እነሱም አሉ፣ ሁላችንንም እየን ልንለው ነው። የዚያን ቀን ከወረዳው ሰው ሁሉ ጋር አለቀስኩ። ጥሩዬን ስቀብር ግን ብቻዬን ነበርኩ፣ ሌላው የራሱን እየቀበረ ነበር። ልዩነቱን እኔ አውቀዋለሁ።» ከዚያ ናቲን እንዳቀፉ ወደ ሰዉ ተመለሱና ከእትዬ ሰናይት ጎን ቆመው «መሐረነ» ብለው ተቀበሉ። እኔም ሌላ የማደርገው ስለሌለ ሄጄ ጋቢያቸውን ያዝኩ።

አመሻሽ ላይ ነፋሱ ቆመ። እናቴ ሊመሽ ሲል በእግሯ መጣች፤ ቅንድቧ ተለብልቦ፣ አንድ ጫማ ብቻ አድርጋ። ሚስስ ሄለንን በዊልቸር ቁልቁል እየገፋች ወርዳ፣ መሐል መንገድ ላይ የእሳት አደጋ መኪና ተቀብሏት ነበር። የሚስስ ሄለን ቤት የለም፤ አሮጊቷም ከዚያ ወዲያ ብዙ አልቆዩም፣ መጦሪያ ቤት እያሉ በክረምቱ ዐረፉ። እናቴ ናቲን አቅፋ «ጌታ ይመስገን፣ ልጆቼ ደህና ናችሁ» ስትል አባባ ይመር ዓይናቸውን ወደ እኔ አላዞሩም። አላጋለጡኝም። ለዓመታት ነፋሱን ያቆመው የናቲ ለቅሶ ነው ብዬ ላምን ሞክሬያለሁ፤ ግን ጥሩዬም አልቅሳ ነበር።

ከዚያ በኋላም ማሞቂያው ፊት እንቀመጥ ነበር። የጅቡን ይነግሩኛል፣ የጦጣዋን ይነግሩኛል። የምህላውን ግን አንድ ቀን ለምኜአቸው ጀመሩት፤ ሕዝቡ ጎንበስ ያለበት ቦታ ሲደርሱ አቆሙ። እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ቀረ። «እስከዚህ ነው የማውቀው» አሉኝ።

አባባ ይመር ካረፉ ቆየ። ናቲ ዛሬ ኩፐርቲኖ ቢሮ የሚውል፣ ጢም ያለው ሰውዬ ነው። ባለፈው ጊዜ ነገሩን ነገርኩት፤ በእንግሊዝኛው «ጥጃው እኔ ነበርኩ ማለት ነው?» ብሎ ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ ስለ ጥሩዬ ስነግረው ግን ስሟን ደግሜ እንድነግረው ጠየቀኝ። እኔ ሆስፒታል ወረፋ ላይ ስቀመጥ፣ የማልችለው ነገር ሲመጣ፣ አውራ ጣቴ ሳላስበው አንጓዬን ይቆጥራል። ይሠራል ብዬ አይደለም። ብቻዬን እንዳልሆን ነው።

ከእሳቱ በኋላ፣ ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ፣ ኦክላንድ ላይ ዘነበ። ሰው ሁሉ ደስ ብሎት ወጣ፤ እትዬ ሰናይት ፓርኪንግ ሎቱ መሐል ቆማ «አባባ ይመር፣ ይውጡ እንጂ! ይኸው የለመኑት!» ብላ ተጣራች። እሳቸው መስኮቱ ጋ ቆመው ነበር። ውሃው መስታወቱ ላይ ሲወርድ ለረጅም ጊዜ አዩት፣ በጣታቸው ተከተሉት። ከዚያ ለእኔ ሳይሆን ለዝናቡ፣ በዚያ ሲቆጡ በሚያባብሉበት ድምፃቸው፣ «አሁን መጣህ?» አሉት።